18.7 በ12.0፦ የደም ግፊት ቁጥር መለኪያውን ሲቀይር

የሐይቅና የአምባሰል የጤና ባለሙያዎች፣ መምህራን፣ ተማሪዎችና ወገኖቼ፦

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጠባብ ጉዳይ ነው። የደም ግፊት ቁጥር ከሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወደ ኪሎ ፓስካል ሲመለስ ምን ይሆናል? በተለይ ደግሞ ነርስና ሐኪም ሥራ ላይ ቆመው አገላብጠው በሚያዩት የሕክምና ማጣቀሻ ላይ ሲታተም እንዴት ይጻፍ? የማጣቀሻ ሥራ የምታስቡ ከመካከላችሁ አላችሁና ይህን ሰዓት ለእሱ ልስጠው። አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ይሠራዋል። አደጋው የሚመጣው ስሌቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቁጥሩ ሲጠጋጋ፣ ነጥቡ ሲጠፋና ከመለኪያው ስም ተነጥሎ ብቻውን ሲጓዝ።

መጀመሪያ፣ ኪሎ ፓስካል ከየት መጥቶ እዚህ ደረሰ? በአገራችን የሕክምና መመሪያዎች የደም ግፊት የሚጻፈው በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። 140 በ90 ስንል ሁላችንም የምንሰማው ያንን ነው። ነገር ግን በክፍሉ ውስጥ ያለውን መሣሪያ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከቻይና የመጣ ባለ ሜርኩሪ መለኪያ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በመስታወቱ ቱቦ ግራና ቀኝ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ተቀርጸውበታል። አንደኛው እስከ 300 ይወጣል፣ ሁለተኛው እስከ 40። ባለ ክብ ሰዓት የሆነውም እንዲሁ ሁለት ቀለበት ሊኖረው ይችላል። በባትሪ ከሚሠሩት መካከል አንዳንዶቹ አዝራር ተጭኖ ሲያዝ መለኪያውን ይቀይራሉ፤ በመስኮቱ ጥግ ላይ mmHg የነበረው kPa ይሆናል። ልጅ ሲነካካው ወይም ባትሪ ስትቀይሩ ተቀይሮ ቢገኝ መሣሪያው ተበላሸ ማለት አይደለም። ያው ግፊት በሌላ መለኪያ ተጽፎ ነው።

ሁለቱ መለኪያዎች የሚሉት ነገር ምንድን ነው? ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የቁመት መለኪያ ነው። ሜርኩሪ እጅግ ከባድ ፈሳሽ ነው፤ ክብደቱ ከውኃ አሥራ ሦስት ከግማሽ እጥፍ ይበልጣል። ክንድ ላይ የታሰረው ከረጢት ያለው ግፊት ያንን ፈሳሽ በቱቦው ውስጥ ምን ያህል ከፍ አድርጎ እንደያዘው እንለካለን። ፈረንሳዊው ፑዋዘይ እ.ኤ.አ. በ1828 ሜርኩሪ ያለበትን ቱቦ ለደም ግፊት ልኬት አዋለ። ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ በ1896 የክንዱን መጠቅለያ ጨመረበት፣ ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ ደግሞ በ1905 ዛሬ በማዳመጫ የምንሰማውን ድምፅ አስተማረን። ቁጥራችን ሜርኩሪ የሚባለው ከዚያ መሣሪያ ስለ ተወለደ ነው።

ፓስካል ግን ከየትኛውም ፈሳሽ ጋር አልታሰረም። አንድ ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ የአንድ ኒውተን ኃይል ነው፤ ስሙም በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። አንድ ፓስካል በጣም ትንሽ ስለሆነ ሺውን ሰብስበን ኪሎ ፓስካል እንላለን። መጠኑን በዓይነ ሕሊናችሁ ለመያዝ ሐይቁን አስቡ። ሰው ወደ ውኃው ሲጠልቅ በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ በላዩ ላይ የሚያርፈው ግፊት በአንድ ኪሎ ፓስካል ገደማ ይጨምራል። አንድ ሜትር ከስልሳ ሦስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ወደ 16 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። ይህም 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። የጤናማ ሰው ልብ በእያንዳንዱ ምት ደሙን የሚገፋበት ጉልበት ያንን ያህል የውኃ ዓምድ ቀጥ አድርጎ ይይዛል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በስምምነት የተወሰነው ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ 133.322 ፓስካል ነው። ስለዚህ፦

```
kPa = mmHg × 0.133322
```

ይህን ማባዣ በቃል መያዝ አያስፈልግም። 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከ2 ኪሎ ፓስካል ጋር እኩል ነው ብላችሁ ያዙ። ልዩነቱ ከአሥር ሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። ቁጥሩን በሁለት አባዝታችሁ ለ15 ታካፍላላችሁ፣ ወይም በአንድ ጊዜ ለ7.5 ታካፍላላችሁ። 120 ለ7.5 ሲካፈል 16 ነው። 90 ለ7.5 ሲካፈል 12 ነው። 140 ሲካፈል ግን 18.666 እያለ ይቀጥላል፤ እዚህ ላይ ነው ማጠጋጋት የሚገባው፣ ክርክሩም ከዚህ ይጀምራል።

ስንት አኃዝ ከነጥብ በኋላ እንተው? ሦስት አማራጮች ቀርበውልን እንበል። የመጀመሪያው ነጥቡን ጨርሶ መተው ነው፤ 140ን 19 ብሎ መጻፍ። ይህ አይሆንም። አንድ ሙሉ ኪሎ ፓስካል ሰባት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ስለሚያህል ከ139 እስከ 146 ያለው ሁሉ 19 ተብሎ ይጻፋል። 140 የደም ግፊት ሕመም የሚባልበት ድንበር ነው። ከድንበሩ በታች ያለው 139 እና ከድንበሩ ስድስት ሚሊ ሜትር አልፎ የሄደው 146 በአንድ ቁጥር ሥር ከተቀመጡ ማጣቀሻው ድንበሩን አጥፍቶታል።

ሁለተኛው አማራጭ ሁለት ወይም ሦስት አኃዝ ማስቀመጥ ነው፤ 18.67 ወይም 18.665። ይህ ደግሞ መሣሪያው የማያውቀውን ነገር እንዳወቀ አድርጎ መናገር ነው። በሜርኩሪው ቱቦ ላይ መስመሮቹ በሁለት በሁለት ሚሊ ሜትር ነው የተጻፉት። የሰውየው ግፊት ራሱ ደረጃ ወጥቶ ሲመጣና ተቀምጦ ሲያርፍ ከአሥር ሚሊ ሜትር በላይ ሊለዋወጥ ይችላል። የሺኛ ክፋይ ምን ይሠራል?

ሦስተኛው አንድ አኃዝ ብቻ ከነጥብ በኋላ መተው ነው። ትክክለኛው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የምርጫ ሳይሆን የሒሳብ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ 0.133 ኪሎ ፓስካል ነው፤ ይህም ከ0.1 ይበልጣል። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ሙሉ ቁጥሮች በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ተጽፈው ሲመለሱ በፍጹም አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። 139 ሲመለስ 18.5፣ 140 ደግሞ 18.7 ይሆናል። ወደ ኋላም ብትሄዱ አይጠፋችሁም፦ 18.7ን በ7.5 ስታባዙ 140.25 ይመጣል፣ ስታጠጋጉት 140። 18.5ን ስታባዙ 138.75፣ ስታጠጋጉት 139። ከዜሮ እስከ 300 ያለውን ሙሉ ቁጥር ሁሉ ብትሞክሩት ተመልሶ ራሱን ይሰጣል። ለ7.5 ማካፈላችሁም ሆነ በረጅሙ 0.133322 ማባዛታችሁ በዚህ ክልል ውስጥ የመጨረሻውን አኃዝ አንድም ቦታ አይለውጠውም።

ከዚሁ ሒሳብ አንድ ጠቃሚ የመፈተሻ ዘዴ ይወጣል። 139 ሲመለስ 18.5፣ 140 ሲመለስ 18.7 አልን። 18.6 የት ገባ? የለም። ሦስት ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ 0.4 ኪሎ ፓስካል ስለሆነ ከየአራቱ አሥረኛ ክፋዮች አንዱ ባዶ ሆኖ ይዘለላል። ከ120 ወደ ላይ ብንቆጥር 16.0፣ 16.1፣ 16.3፣ 16.4፣ 16.5፣ 16.7 እያለ ይሄዳል፤ 16.2 እና 16.6 አይገኙም። እንግዲህ ከሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ተመለሰ በተባለ ሠንጠረዥ ውስጥ 18.6 ካያችሁ አንድ ሰው ተሳስቷል ማለት ነው። ስሕተቱንም ማወቅ ይቻላል። ብዙ ሰው ማባዣውን አሳጥሮ 0.133 ይለዋል። 140 በ0.133 ሲባዛ 18.62 ነው፤ ሲጠጋጋ 18.6 ይሆናል። ሦስት አኃዝ ከማባዣው ቆርጦ መጣል ድንበሩን ከቦታው አንሸራተተው። ይባስ ብሎ 0.13 የሚል ካለ 18.2 ያገኛል፤ ይህም ወደ ኋላ ሲመለስ 136 ከግማሽ ነው። ስለዚህ ማባዣ ከተጠቀማችሁ ረጅሙን ያዙ፣ ካልሆነ ለ7.5 አካፍሉ። ማጠጋጋት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጨረሻ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ማጣቀሻ አዘጋጆች ብዙ ጊዜ ይሰናከሉበታልና። የግፊት ልዩነት ሲመለስ ከተጠጋጉ ቁጥሮች ላይ አይቀነስም። መድኃኒቱ ግፊቱን ከ140 ወደ 130 አወረደው እንበል። ልዩነቱ 10 ነው፤ 10 ለ7.5 ሲካፈል 1.3 ኪሎ ፓስካል ነው። ነገር ግን በሠንጠረዡ ላይ ያሉትን 18.7 እና 17.3 ወስዶ የቀነሰ ሰው 1.4 ያገኛል። ልዩነቱን ራሱን መልሱት እንጂ የተመለሱትን ቁጥሮች አትቀንሱ።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ ልምጣ። እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ ልናገር።

የደም ግፊት በኪሎ ፓስካል ሲጻፍ ቁጥሩ ያንሳል። 120 የነበረው 16.0 ይሆናል። የትኛውም ሰው 16ን ከ120 ጋር አያምታታውም ብለን እንጽናና ይሆናል። ነገር ግን 16.0 ላይ ያለችው ነጥብ ብትጠፋስ? በእጅ ጽሑፍ ላይ ትንሽ ነጠብጣብ ናት፤ በፎቶ ኮፒ ትጠፋለች፣ በስልክ ፎቶ ትደበዝዛለች፣ በቃል ሲነገር ትዋጣለች። ስትጠፋ 160 ይሆናል። የታችኛው 10.7 ደግሞ 107። ምንም የሌለበት 120 በ80 የሆነ ሰው 160 በ107 ተብሎ ይነበባል። ቁጥሩ የማይመስል ቢሆን ኖሮ ሰው ይጠራጠር ነበር። ይህ ግን በየቀኑ የምናየው ዓይነት ቁጥር ነው። ነጥብ ስትጠፋ ቁጥሩ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በአንድ ሦስተኛ ይበልጣል፤ አንድ ሦስተኛ ደግሞ የሚታመን ስሕተት ነው።

ጤናማውን ሰው ሕመምተኛ ማድረግ ክፉ ነው፤ ያለ ምክንያት መድኃኒት ያስጀምራል። የከፋው ግን በተቃራኒው ያለው ነው። አንዲት እናት ወልዳ ደም እየፈሰሳት ነው እንበል። በአምባሰል ካለ ጤና ጣቢያ ተነሥታ ወደ ደሴ ልትላክ ነው። ግፊቷ 90 በ60 ወርዷል። መሣሪያው ኪሎ ፓስካል ላይ ተቀይሮ ስለነበር የሚያሳየው 12.0 በ8.0 ነው፤ ነርሷም ያየችውን ጻፈች፣ መለኪያውን ግን አልጻፈችም። ወረቀቱ መንገድ ላይ ነው። ተቀባዩ ሐኪም 12.0 የሚለውን ነጥቡ ደብዝዞ 120 ብሎ አነበበው፣ 8.0ንም 80። እጁ ላይ ያለው የእናቲቱ ወረቀት 120 በ80 ይላል። ከሁሉም ቁጥሮች መካከል ሰው አይቶ እፎይ የሚልበት ቁጥር እሱ ነው።

ሌላ መንታ መንገድም አለ። በፈረንሳይና የፈረንሳይን የሕክምና ልማድ በያዙ አገሮች ሐኪሞች የደም ግፊትን በሴንቲ ሜትር ሜርኩሪ ይናገሩታል። 120 በ80ን 12 በ8 ይሉታል። እዚያ የታከመ ወገናችን ይዞት የሚመጣው ወረቀት 12/8 ሊል ይችላል፤ ያም ጤናማ ማለት ነው። ከኪሎ ፓስካል መሣሪያ ላይ የተገለበጠው ወረቀትም 12/8 ሊል ይችላል፤ ያም 90 በ60 ነው። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ላይ ቢቀመጡ ልዩነት የላቸውም። የሚለያቸው የመለኪያው ስም ብቻ ነው፤ እሱ ካልተጻፈ በስሌት የሚፈታ ነገር የለም።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ከቁጥሩ መጠን ትንሽ ፍንጭ ይገኛል። የላይኛው ግፊት ከ40 በታች ሆኖ ከተጻፈ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሊሆን አይችልም ማለት ይቻላል፤ ያ ሰው በሕይወት ቆሞ አያነጋግራችሁም ነበርና። ያም ሆኖ ኪሎ ፓስካል ነው ወይስ ሴንቲ ሜትር የሚለው ይቀራል። ከነጥብ በኋላ 7፣ 3 ወይም 1 ዓይነት አኃዝ ካለ ወደ ኪሎ ፓስካል ያዘነብላል፤ በሴንቲ ሜትር የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ወይም ግማሽ ነው የሚሉት። ከቁጥሩ ይልቅ ግን ሰውየውን ማየት ይበልጣል። የልብ ምት መለኪያ አይቀያየርም፤ በደቂቃ ስንት እንደሚመታ በየትም አገር አንድ ነው። እጇ የቀዘቀዘ፣ ያላባት፣ የልብ ምቷ የሚሮጥ እናት በወረቀቷ ላይ 120 በ80 ካለ ወረቀቱን አትመኑት፤ መጠቅለያውን ክንዷ ላይ አድርጉና ራሳችሁ ለኩ።

እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ካለበት ኪሎ ፓስካል ለምን አስፈለገ? ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዓለምም ጠይቆታል። እ.ኤ.አ. በ1977 ሠላሳኛው የዓለም የጤና ጉባኤ ሕክምናው ዓለም አቀፉን የመለኪያ ሥርዓት እንዲቀበል መከረ። ያው ጉባኤ ግን በግፊት መሣሪያዎች ላይ ከኪሎ ፓስካሉ ጎን ሚሊ ሜትር ሜርኩሪው እንዲቆይም አብሮ መከረ። ቻይና በ1980ዎቹ ኪሎ ፓስካልን በሕግ አስገባች፤ ሐኪሞችዋ ለዓመታት ሠሩበት። በ1998 ግን ሚሊ ሜትር ሜርኩሪን መልሳ ፈቀደች። በእጃችን ያሉት መሣሪያዎች ባለ ሁለት መስመር የሆኑት ከዚያ ታሪክ የተነሣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የመለኪያ ሕግም ሚሊ ሜትር ሜርኩሪን ከሌላው ሥራ ሁሉ ሲከለክል ለደም ግፊትና ለሌሎች የሰውነት ፈሳሾች ግፊት ብቻ ተወለት።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። በደም ግፊት ላይ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የመጀመሪያው ቁጥር ሆኖ ይቆይ። የሕክምና ድንበሮቹ ሁሉ፣ 140ው፣ 160ው፣ 180ው፣ በእሱ የተወሰኑ ክብ ቁጥሮች ናቸው። ኪሎ ፓስካል ግን ከማጣቀሻው መጥፋት የለበትም፤ መሣሪያው ላይ አለ፣ በውጭ አገር መጻሕፍት ላይ አለ። በእንግሊዝ አገር በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ግፊት በኪሎ ፓስካል ይጽፉታል፣ በዚያው ሕመምተኛ ካርድ ላይ የደም ግፊቱን ግን በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ። ተማሪዎቻችንም በፊዚክስ ክፍል የተማሩት ፓስካልን ነው፤ ዎርድ ሲገቡ ሌላ ቋንቋ ይገጥማቸዋል። ማጣቀሻው ሁለቱን አገናኝቶ ካላሳያቸው እያንዳንዱ በየራሱ ያሰላል፤ አንዱም 0.13 ይላል።

እዚህ አገር ላይ ሆናችሁ የምታነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአምባሰል ተራሮች ደግሞ ከዚያም በላይ። አየሩ ሲሳሳ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ታዲያ ለከፍታችን ማስተካከያ በሠንጠረዡ ላይ መግባት የለበትም? ሳይንቲስቱ ፓስካል ራሱ የታወቀው በዚህ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1648 የእህቱ ባል ፔሪዬ የሜርኩሪ ቱቦ ተሸክሞ ፒዊ ደ ዶም የሚባል ተራራ ላይ ወጣ፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሜርኩሪው ከስምንት ሴንቲ ሜትር በላይ ወርዶ ተገኘ። የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወይም 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ እኛ ዘንድ ወደ 600፣ ማለትም ወደ 80 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል።

የደም ግፊት ግን የሚለካው ከአካባቢው አየር ግፊት በላይ ያለው ትርፍ ሆኖ ነው። የመሣሪያው ቫልቭ ሲከፈትና ከረጢቱ ሲተነፍስ መርፌው ዜሮ ላይ ይቆማል፤ ያ ዜሮ የሐይቅ አየር ነው። አሰብ ወደብ ላይ ቢሆንም ዜሮው የአሰብ አየር ነው። ስለዚህ 120 በሁለቱም ቦታ 120 ነው፤ ወደ ኪሎ ፓስካል ሲመለስም በሁለቱም ቦታ 16.0 ነው። የከፍታ ማስተካከያ የሚባል ዓምድ በማጣቀሻው ላይ አይገባም።

ጠንቃቃ የፊዚክስ መምህር ግን ሌላ ነገር ሊያነሣ ይችላል፤ ማንሣቱም ደስ ያሰኛል። 133.322 የተባለው ቁጥር የተወሰነው የምድር ስበት 9.80665 ሆኖ፣ ሜርኩሪውም በዜሮ ዲግሪ ሙቀት ላይ ሆኖ ነው። ሐይቅ ላይ ስበቱ 9.78 ገደማ ነው፤ ወደ ምድር ወገብ ቀርበናል፣ ከፍም ብለናል። ክፍሉም ሃያ ዲግሪ ቢሆን ሜርኩሪው ትንሽ ይሳሳል። ሁለቱ ተደምረው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞሉም። 140 ላይ የቆመ የሜርኩሪ ዓምድ ላይ ሲሰላ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ መስመሮቹ ደግሞ በሁለት በሁለት ናቸው። ባለ መርፌው መሣሪያ በስፕሪንግ ስለሚሠራ ስበቱ አይነካውም። እሱ ግን ሲወድቅና ሲያረጅ ከዜሮው ይሸሻል፤ ከረጢቱ ባዶ ሆኖ መርፌው 5 ላይ ቢቆም ያ ስሕተት ከስበቱም ከሙቀቱም ከማጠጋጋቱም ይበልጣል። ኪሎ ፓስካልን የሚያሰላ ሰው ከማስላቱ በፊት መርፌው ዜሮ ላይ መሆኑን ይይ።

ሠንጠረዡ እንግዲህ እንዲህ ይሁን። በግራ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪው ጎላ ብሎ፣ በቀኝ ኪሎ ፓስካሉ ቀጠን ብሎ፤ የመለኪያው ስም በዓምዱ ራስ ላይ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ መስመር ላይ ይጻፍ፤ ሰው መስመሯን ብቻ ፎቶ አንሥቶ ይልካታልና። 90 በ60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ 12.0 በ8.0 ኪሎ ፓስካል ነው። 120 በ80 ሲመለስ 16.0 በ10.7። 140 በ90 ሲመለስ 18.7 በ12.0። 160 በ110 ሲመለስ 21.3 በ14.7፤ ይህ በነፍሰ ጡር ላይ ከታየ ጊዜ የማይሰጥ ነው። 180 በ120 ሲመለስ 24.0 በ16.0። ከነጥብ በኋላ ያለችው ዜሮ አትጣል። 12 ብሎ መጻፍና 12.0 ብሎ መጻፍ በሒሳብ አንድ ቢሆንም፣ 12.0 አንባቢውን ይህ ኪሎ ፓስካል ነው ብሎ ይነግረዋል፤ 12 ግን ከፈረንሳዩ ሴንቲ ሜትር ጋር ይቀላቀላል። ነጥቧም ጥቁርና ወፍራም ትታተም።

በሠንጠረዡ ግርጌ ሁለት መስመር ይጨመር። አንደኛው ለ7.5 አካፍል፣ አንድ አኃዝ ከነጥብ በኋላ አስቀር የሚለው ነው። ሁለተኛው መለኪያው ሳይጻፍ የመጣ ቁጥር አይመለስም፣ ሕመምተኛው እንደገና ይለካል የሚለው ነው። የሪፈር ወረቀት ቅጾቻችሁም ላይ ከግፊቱ ባዶ ቦታ ቀጥሎ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚለው ቀድሞ ይታተምበት፤ በኪሎ ፓስካል የለካ ሰው ያንን ሰርዞ የራሱን ካልጻፈ ቅጹን መሙላት እንዳይችል። በባትሪ የሚሠሩትን መሣሪያዎች ደግሞ ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ስትገቡ አንድ በአንድ አብሩና ጥጉ ላይ ምን እንደተጻፈ እዩ፤ kPa የሚለውን ካገኛችሁ ወደ mmHg መልሱት፣ የመቀየሪያውን አዝራር ቦታም በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ከጀርባው ለጥፉበት።